ለአድዋው ጥያቄ 20 ማርክ እንዴት ይከፈል?

የ11ኛ ክፍል መምህርት፦ «የአድዋ ድል ዋነኛ ምክንያት ምን ነበር? በማስረጃ ተከራከሩ» የሚል ባለ 20 ማርክ ኤሴይ ልሰጥ ነው። ማርኩን በየመስፈርቱ ከፋፍዬ ማረም ፈልጌያለሁ። ስንቱን ለመረጃ፣ ስንቱን ለክርክሩ ላድርግ? ለቋንቋስ?

ባለ ቾኩ፦ ምኑ ያስቸግራል? ውጫሌ፣ አንቀጽ 17፣ አምባላጌ፣ መቀሌ፣ የካቲት 23 ቀን 1888... አሥር ነጥብ አውጪ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ማርክ። ተማሪ አይጨቃጨቅሽም፣ ቶሎም ትጨርሻለሽ።

ጡረተኛው ፈታኝ፦ እንደዚያማ ከሆነ የምርጫ ጥያቄ ይበቃት ነበር። ሁለት ወረቀት አስብ። አንዱ ከውጫሌ እስከ ድሉ ማግስት አንድም ቀን ሳይስት ይተርካል፤ ጣሊያኖች ለምን እንደተሸነፉ ግን አይነግርህም። ሌላው የጣሊያኑ ጄኔራል የአልበርቶኔ ጦር ከሌሎቹ ተነጥሎ መቅደሙን ያነሳና «ስሕተቱ ብቻውን ለሽንፈት አያበቃም፤ ክፍተቱን የሚጠቀም ብዙ ጦር እዚያ መገኘት ነበረበት፤ ያን ያመጣው ክተቱ ነው» ይላል። በአንተ አቆጣጠር ተራኪው ይበልጣል።

እኔ ብሆን አቋም 4፣ ማስረጃ 6፣ የምክንያት ትንተና 8፣ አደረጃጀት 2 አደርጋለሁ። እርከኑን ደግሞ «ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» ብለሽ እንዳትጽፊው ልጄ፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየውን ጻፊ። ከ8ቱ፣ የሚተርክ ብቻ 1–2፣ ምክንያት የሚደረድር 3–4፣ እያንዳንዱ ለድሉ እንዴት እንዳበቃ የሚያስረዳ 5–6፣ አንዱ ከሌላው ለምን እንደሚበልጥ የሚያመዛዝን 7–8።

አንድ ወላጅ፦ የኔን ልጅ ግን የጎዳው እንግሊዝኛው ነው። ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፣ ማርኩ በሰዋስው ያልቃል።

ጡረተኛው ፈታኝ፦ ሐሳቡ ከገባሽ ለሰዋስው አትቀንሺ። የተሳተ ቀንም ከማስረጃው 6 ላይ ብቻ ይቀነስ፤ ትንተናው ላይ ደግመሽ ከቀነስሽ ለአንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት ይሆናል።

ባለ ቾኩ፦ እሺ ጋሼ፣ የርስዎስ አይደግምም? አቋም የሌለው ልጅ 4ቱን ያጣል፤ አቋም ከሌለው ምን ያመዛዝናል? 7–8ም አብሮ ሄደ።

የ11ኛ ክፍል መምህርት፦ እሱ እኔንም ገርሞኛል።

ጡረተኛው ፈታኝ፦ ልክ ነህ፣ ይነካካሉ። አቋምን ወደ 2 ዝቅ አድርጎ ማስረጃውን 8 ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ደግሞ ሸምዳጁ ይጠቀማል። ብቻ ማርኩን ከመስጠትሽ በፊት አሥር ወረቀት ሳትነጋገሩ ሁለት ሆናችሁ እረሙ። በአንዱ መስፈርት ላይ ማርካችሁ ደጋግሞ ከተራራቀ፣ መስተካከል ያለበት የእርከኑ አጻጻፍ ነው።

የ11ኛ ክፍል መምህርት፦ መስፈርቱን ለተማሪዎቹ አስቀድሜ ላሳያቸው?

ባለ ቾኩ፦ አሳያቸውና ሁሉም «ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት» ብሎ ይጀምርልሻል፣ ከዚያ ያው ትረካ።

ጡረተኛው ፈታኝ፦ ይጀምር! «ለምን» የሚለው ካልተከተለ እኮ 5 አይደርስም።

ባለ ቾኩ፦ ስልሳ ወረቀት ሲቆለልብዎት እንነጋገራለን።