«ውስጥ አርበኛ» ሲባል የምኑ ውስጥ?

የደባርቋ፦ ሰላም ለቤቱ። ሚያዝያ 27 ለአርበኞች መታሰቢያ ንግግር እንዳነብ ተመርጫለሁ። ረቂቁ «በዱር ለተዋደቁት፣ በከተማም ውስጥ አርበኛ ለነበሩት» ይላል። ትንፋሽ የት ልውሰድ? «በከተማም ውስጥ» ብዬ ካረፍሁ ከተማ ላይ የተዋጋ ይመስላል። «በከተማም» ብዬ ካረፍሁ ደግሞ «ውስጥ አርበኛ» ይሆናል። አያቴ እንቁላል ልትሸጥ ጣልያን ካምፕ ገብታ፣ ስትወጣ በአገልግሉ ጥይት ይዛ ትወጣ ነበር። እሷን በትክክል እንዲጠራልኝ እፈልጋለሁ።

ቀለም ቀንድ፦ ውስጥ ማለት ልብ ነው። በልቡ አርበኛ የሆነ፣ ጠመንጃ ያልያዘ ማለት ነው።

ዘአዘዞ፦ ወንድሜ፣ ልብማ ሁሉም አለው። ውስጥ የተባለው የጠላት ውስጥ ነው። ጣልያን በያዘው ከተማ ተቀምጦ ስንቅ፣ ጥይትና ወሬ ለዱሩ የሚያቀብል ነው። ሸዋረገድ ገድሌን አዲስ አበባ ላይ በዚህ ስም የምናነሳት ለዚህ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ረዘም ይላል። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ውልክፍት ገና በጣልያን እጅ ነበር። የወደቀው በመስከረም 1934 ነው። ጎንደር ኅዳር 18 ድረስ ቆየች። ሸዋ ነፃ ወጥቶ የአንቺ አያት ገና «ውስጥ» ነበረች።

ቀለም ቀንድ፦ እሱን ተቀብያለሁ። ግን አርበኛ ራሱ ከምን መጣ? እኔ «ዐርብ» ነው እላለሁ። ጌታ የተሰቀለበት ቀን፣ መሥዋዕትነት።

የኔታ ልጅ፦ ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ቆሎ የለመንሁ ሰው ይህን አላልፍም። ሥሩ «ሐራ» ነው፤ ሠራዊት።

ዘአዘዞ፦ የኔታ፣ ታዲያ «በ»ን ከየት አመጧት? ትግርኛው «ሓርበኛ» ይላል። ዐረብኛ ጦርነትን «ሐርብ» ይላል። «ኛ» ደግሞ እንደ ፈረሰኛ ናት። እኛ «ሐ»ን በአፋችን ስላላላናት አልፍ መሰለች።

የኔታ ልጅ፦ ግዕዝ ለጦርነት «ጸብእ» እያለው ከዐረብ ተበደርን ልትለኝ ነው? አይዋጥልኝም።

ጭልጋ፦ የእኔ አጎት ባንዳ ነበር ይባላል፤ ግን የዱሩ ሰዎች ወሬ የሚደርሳቸው ከእሱ ነበር። እሱስ ውስጥ አርበኛ ነው? ቤተሰቡ እስከዛሬ ይጣላበታል።

ዘአዘዞ፦ ወሬውን የተቀበሉት ካመኑለት፣ አዎ። የሚመሰክሩለት እነሱ ናቸው።

ቀለም ቀንድ፦ «ዐርብ»ን ግን አልለቅም።

የደባርቋ፦ ትንፋሹን የነገረኝ ሰው የለም። «በከተማም የውስጥ አርበኛ ለነበሩት» ብዬ «የ» ጨመርሁበት። እንዲህ ሲሆን የትም ባርፍ አይጠፋም። ረቂቁን የጻፉት አባት ግን «የ» አያስፈልጋትም ብለው ተቆጥተዋል።

የኔታ ልጅ፦ እሳቸው ልክ ናቸው።