የመኪና ብድር ይቅደም ወይስ የእናት?

ጠያቂዋ፦ ሜሪላንድ ነኝ፣ ደሞዝ በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚገባልኝ። የመኪና ብድር 520 ዶላር ወር በገባ በ3 ይቆረጣል፣ አዲስ አበባ ላለችው እማዬ ደግሞ ለቤት ኪራይ 300 ዶላር እልካለሁ። ሁሌ ይጋጩብኛል፣ የቱን ላስቀድም?

ሳሚ፦ እናት ትቅደም! ብድሩ 30 ቀን ካላለፈው ክሬዲትሽን አይነካም፣ እሷ ግን አከራይዋን 30 ቀን ታገሱኝ ልትል ነው?

የባንኳ እህት፦ እኔ ብድር ክፍል ነው የምሰራው። ሳሚ የ30 ቀኑ ልክ ነህ ግን ሌት ፊው ከዛ በፊት ይመጣል፣ 30 ቀን ካለፈ ደግሞ ሪከርዱ 7 አመት ይቆያል፣ ከፍለሽ ብትጨርሺ እንኳን አይጠፋም። ብዙ ስቴት ውስጥ አበዳሪው ፍርድ ቤት ሳይሄድ መኪናውን ጎትቶ ሊወስድ ይችላል፣ መኪና ከሌለ ስራ እንዴት ትሄጃለሽ? ለእማማስ ከየት ይላካል?

ጠያቂዋ፦ እሺ ግን ለሷ ማዘግየትም አልችልም

የባንኳ እህት፦ አታዘግዪም። አበዳሪሽ ጋር ደውለሽ ቀኑን ቀይሩልኝ በያቸው፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። አዲስ አበባ ኪራይ በሀበሻ ወር ነው አይደል? ያ ማለት በፈረንጅ ከ7 እስከ 12 አካባቢ ነው ወሩ የሚገባው፣ ስለዚህ የእማማ በ6 ከተላከ ይደርሳል፣ የመኪናውን ወደ 18 ግፊው። ከዛ ደሞዝ በገባ ቁጥር 260 ለመኪና 150 ለእማማ ወደ ሌላ አካውንት አሻግሪ። በአመት 26 ደሞዝ ነው ያለሽ፣ 24ቱ የ12 ወሩን ይሸፍኑታል፣ የቀሩት ሁለቱ 820 ያስቀሩልሻል፣ የአንድ ወር ብድርና የአንድ ወር የእማማ ማለት ነው። እሱን አትንኪው።

ሀና ከቤሩት፦ እኛ ጋ ባንክ የሚያበድረን የለም፣ የደላላውን እዳ ነው የምንከፍለው፣ ቤተሰብ ግን ገንዘቡ የተረፈን ይመስለዋል

ሳሚ፦ 820 ብለሽ ተቀምጠሽ አባትሽ ሆስፒታል ገቡ ሲሉሽስ? ሰው እየሞተ ለመኪና ብሎ ዝም ይባላል?

የባንኳ እህት፦ ለዛማ ነው የተቀመጠው፣ ታውጣውና መልሳ ትሙላው። በክሬዲት ካርድ ግን እንዳትልኪ፣ ብዙ ባንክ ካሽ አድቫንስ ይለዋል፣ ወለዱ ከዛው ቀን ይጀምራል። በጥሬ ገንዘብ ከላክሽም ከ2026 ወዲህ 1 ፐርሰንት ታክስ አለ፣ ከዴቢት ካርድ ላኪ።

ጠያቂዋ፦ ነገ እደውላለሁ። ግን ብድር እንዳለብኝ ለእማዬ ልንገራት?

ሀና ከቤሩት፦ ንገሪያት፣ ካልነገርሻት መጠየቁ አይቆምም

ሳሚ፦ በፍጹም! ትጨነቃለች፣ ከዛ አትላኪ ትልሽና ሳትበላ ታድራለች