«መልሱ ባዕድ ቃል ሳይገባበት ይጻፍልኝ» ቢባል፣ መሥሪያ ቤት መታዘዝ አለበት?

ጠያቂዋ፦ ባንክ ውስጥ ለደንበኞች ደብዳቤ መልስ ከሚያዘጋጁት አንዷ ነኝ። አንዳንዱ ደንበኛ «መልሱ ባዕድ ቃል ሳይገባበት በንጹሕ አማርኛ ይሁንልኝ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሊከበር የሚገባው ጥያቄ ነው? ከሆነስ እንዴት ይሠራል? ለምሳሌ የሚሆን አንድ መልስ ይኸው፦ «አካውንትዎ በቴክኒክ ችግር ምክንያት ብሎክ ስለተደረገ ፒን ኮድዎን ሪሴት ለማድረግ መታወቂያ ይዘው በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ብራንች ይምጡ። ፕሮሰሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቃል።»

ቀለሙ፦ ይከበር እንጂ! ገንዘቡን አምኖ የሰጠ ሰው በገዛ ቋንቋዬ መልሱልኝ ቢል ምን ይገርማል? እዚያች ሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስምንት ባዕድ ቃል አለ። አንዱም ግድ አይደለም፤ ግዕዝን የሚያህል ጎተራ አጠገባችን ቆሞ ለምን እንለምናለን? እንዲህ ይባላል፦ «መዝገበ ሂሳብዎ በኪናዊ እክል ስለታገደ ኅቡእ አኃዝዎን ለማደስ መታወቂያ ይዘው ወደ ቅርንጫፋችን ይምጡ። ሂደቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይፈጸማል።» አንድም ባዕድ ቃል የለበትም፤ ደንበኛውም የጠየቀውን አገኘ።

ናሆም፦ ወንድሜ ቀለሙ፣ ይህን ደብዳቤ ይዞ ገንዘብ ማውጫው ማሽን ፊት የቆመውን ሰው አስበው። ስክሪኑ የሚለው PIN ነው፤ ኅቡእ አኃዝ የሚል ቁልፍም መስኮትም የለም። ደብዳቤው አንድ ነገር፣ ማሽኑ ሌላ ነገር ካሉ ሰውየው የሚሄደው ስልክ ወደ መደወል ነው። እኔ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ነኝ፤ እኛ ዘንድ የሚሰለፈው ሰው ሁሉ «ፒኔን ረሳሁ» ነው የሚለው። ሰው የሚናገረውን ቃል መጻፍ ምን ነውር አለው? በእኔ በኩል ጥያቄው በትሕትና ተመልሶ ደብዳቤው እንዳለ ይሂድ።

ዘነበች (አርታኢ)፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ናሆም ስለ ፒን ያልከው ልክ ነው፤ ስክሪን ላይ የሚነበብ ቃል ከደብዳቤ መጥፋት የለበትም። ግን «ብራንች»፣ «ፕሮሰስ»፣ «ሪሴት» የትኛው ማሽን ላይ ተጽፈዋል? እነሱ የገቡት ጸሐፊው የለመደው የቢሮ ንግግር ስለሆነ ብቻ ነው። ቅርንጫፍን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ስምንቱን ቃላት በአንድ ሚዛን ማየት አያስኬድም።

የኔ ዋና ጭንቀት ግን «ብሎክ ተደረገ» ላይ ነው። ቀለሙ «ታገደ» አልክ። ታገደ የሚለውን ደንበኛው የሚሰማው ከፍርድ ቤት እግድ ጋር ነው፤ ዕዳ አለብኝ ወይስ ተከስሻለሁ ብሎ ይደነግጣል። «ተዘጋ» ብትለው ደግሞ ሂሳቡ ለሁልጊዜ የተዘጋ ይመስለዋል። ባንክ ውስጥ ሂሳብ መዝጋት ራሱን የቻለ ሥራ ነውና። «ብሎክ» መታገድን፣ መዘጋትንና ለጊዜው መቆምን ሦስቱንም አፍኖ ይዞ ነበር፤ አማርኛው የትኛው እንደሆነ ንገረኝ ብሎ ያስጨንቃል። እህቴ ጠያቂዋ፣ በእርግጥ ምን ሆኖ ነው? «የቴክኒክ ችግር» የተባለውስ ምንድን ነው?

ጠያቂዋ፦ ደንበኛው የምስጢር ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አሳስቶ አስገብቶ ነው። የቆመው ካርዱ ነው፤ ሂሳቡ ምንም አልሆነም። «የቴክኒክ ችግር» የምንለው ለሁሉም ዓይነት ጉዳይ የሚላክ ደብዳቤ ስለሆነ ነው።

ዘነበች (አርታኢ)፦ እንግዲህ ደብዳቤው ሁለት ስሕተት ነበረው፤ ሁለቱም ባዕድ ቃል ሥር ተደብቀዋል። «አካውንትዎ ብሎክ ሆነ» ተባለ፤ ሂሳቡ ግን ደህና ነው፤ ሰውየው መታወቂያውን ይዞ በመስኮት ገንዘቡን ማውጣት ይችላል። «የቴክኒክ ችግር» ተባለ፤ ችግሩ ግን የተሳሳተ ቁጥር ነው። ካልተነገረው ነገ ያንኑ ይደግማል። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«የምስጢር ቁጥርዎ፣ ማሽኑ ላይ ፒን የሚባለው፣ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ስለገባ ካርድዎ ለጊዜው እንዳይሠራ ተደርጓል። ሂሳብዎ አልተነካም፤ ገንዘብ ከፈለጉ በመስኮት ማውጣት ይችላሉ። አዲስ የምስጢር ቁጥር ለማውጣት መታወቂያዎን ይዘው ወደሚቀርብዎ ቅርንጫፍ ይምጡ። ካርድዎ ከመጡበት ሰዓት ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምራል።»

የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። «ፕሮሰሱ በ24 ሰዓት ይጠናቀቃል» ሲል ሰዓቱ ከመቼ እንደሚቆጠር አይታወቅም ነበር፤ ደብዳቤው ከተጻፈበት ነው ወይስ ሰውየው ከመጣበት? «ፕሮሰስ» ሲወጣ ማን ምን እንደሚጀምር መናገር ግድ ሆነ።

ሐና ከሐይፋ፦ እዚህ እኛ ልጆቻችንን በአማርኛ መልሱልን ብንላቸው ግማሹን በዕብራይስጥ ነው የሚመልሱት። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ባቡሩ አልመጣም» ለማለት እንኳ የባቡሩን ስም በዕብራይስጥ ይሉታል። እኔ ባዕድ ቃል ባስገቡ ቁጥር እንደገና በሉት እላቸዋለሁ። ይሄ ጥሩ ነው ትላላችሁ?

ዘነበች (አርታኢ)፦ ሐናዬ፣ የልጆች ንግግር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ደብዳቤ ጸሐፊው ተመልሶ ለማረም ጊዜ አለው፣ ልጅ ግን መሐል ላይ ሲቆረጥ ዝም ይላል። ግን ከእናንተ አገር የሚጠቅመን ነገር አለ። የዕብራይስጥ ቋንቋ አካዳሚ በ1953 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ እስካሁን ቃል ይፈጥራል። ኮምፒዩተርን «ማህሼቭ» ይሉታል፤ የኛው ሐሰበ የሚወጣበት ሥር ነው፤ ሕዝቡም ተቀብሎታል። ቴሌፎንና ቴሌቪዥን ግን ቴሌፎንና ቴሌቪዥን ሆነው ቀሩ። አካዳሚ ያለው አገር እንኳ ሁሉንም አልተካም።

ቀለሙ፦ እሺ፣ ኅቡእ አኃዝን ተውኩት። «የምስጢር ቁጥር» ለጆሮም ለልብም ይሻላል። ግን እትዬ ዘነበች፣ የእርስዎም ደብዳቤ ውስጥ ካርድ፣ ማሽን፣ ፒን አሉ። ደንበኛው «ባዕድ ቃል ሳይገባበት» ነው ያለው። ወሰኑ የት ነው?

ዘነበች (አርታኢ)፦ ወሰኑ ቃሉ ከየት መጣ በሚለው ከተበጀ መጨረሻ የለውም። መኪና፣ ጋዜጣ፣ ባንዲራ ከጣልያን ናቸው። ሹፌርና ቢሮ ከፈረንሳይ፣ ስልክ፣ ሱቅና ወረቀት ከዐረብ። «ኢንጂነር» ባዕድ ነው ብለን «መሐንዲስ» ስንል እንኳ ከዐረብኛው እየወሰድን ነው። እነዚህን ብታወጣ ደንበኛው ራሱ ደብዳቤህን አያነበውም። እኔ የማየው እንግሊዝኛ ያልተማረ ትልቅ ሰው ቃሉን ሳይጠይቅ ይረዳዋል ወይ የሚለውን ነው። ካርድን ይረዳል፤ ማሽንን ይረዳል። ሪሴትን አይረዳም። ፒንን አንዱ ይረዳል፣ አንዱ አይረዳም፤ ስለዚህ ከአማርኛው ጎን ቆመ።

ደስታ (ተርጓሚ)፦ ጥፋቱ ከጠያቂውም በኩል አለ። «ባዕድ ቃል አይግባ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው ወይ የቀለሙን የመጀመሪያ ደብዳቤ ያገኛል፣ ወይ ምንም ያልተለወጠ። ሥራ ስቀበል ደንበኛዬን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ማን ያነበዋል? የቆዩት ቃላት፣ እንደ ባንክና ፖስታ ያሉት፣ ይቆዩ ወይ? አማርኛ ለሌለው ነገር አዲስ ቃል ይፈጠር፣ በአጭር ይገለጽ፣ ወይስ ባዕዱ ይቆይ? ሦስተኛውን ካልተመለሰልኝ ሥራ አልጀምርም፤ ጠቡ ሁልጊዜ የሚነሣው እዚያ ላይ ነውና።

ለማረሚያ ደግሞ ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛ፣ ጽሑፉ ውስጥ ፐንና ቨን ከነቤተሰባቸው መፈለግ። እነዚህ ፊደላት ያሉበት ቃል አብዛኛውን ጊዜ ባዕድ ነው፤ ፒንና ፕሮሰስን ወዲያው ይይዛል። ግን አካውንት፣ ብሎክ፣ ሪሴት፣ ብራንች ያመልጡታል። ስለዚህ ሁለተኛው ይሻላል፦ «አደረገ»፣ «ተደረገ»፣ «ማድረግ»፣ «ሆነ» የሚሉትን ፈልጉና ከፊታቸው ያለውን ቃል እዩ። ባዕድ ስም አማርኛ ውስጥ እንደ ግሥ የሚሠራው በእነሱ ላይ ተደግፎ ነው፦ ብሎክ ተደረገ፣ ሪሴት ማድረግ፣ ኮንፈርም ማድረግ። ከጠያቂዋ ደብዳቤ ሁለቱን ክፉ ቃላት የሚይዘው ይህ ነው። ስም ብቻውን የገባውን፣ እንደ ብራንች ያለውን፣ ግን ዓይን እንጂ ፍለጋ አይይዘውም።

አንድ ነገር ደግሞ ላክል። ቃሉ ሁሉ አማርኛ ሆኖ አባባሉ እንግሊዝኛ የሆነ ደብዳቤ ሞልቷል። «ይህ ካርድ ለደኅንነትዎ ቁልፍ ሚና ይጫወታል»፣ «ጉዳዩን ግምት ውስጥ በማስገባት»። ባዕድ ቃል የለበትም ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ንጹሕ አማርኛ ግን አይደለም። «ካርድዎ ገንዘብዎን ይጠብቃል»፣ «ጉዳዩን አይተን» ቢባል ያጥራል፣ ያምራልም።

ናሆም፦ የዘነበችን ደብዳቤ ሳነብ የኛ ሰልፍ የሚያጥር ይመስለኛል፤ ያን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ለጠየቀ ሰው ብቻ ሌላ ደብዳቤ ከተጻፈ፣ ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ቃል በመዝገብ ይቀመጣል። አንዱ ደንበኛ «ካርድዎ ቆሟል»፣ ሌላው «ብሎክ ሆኗል» ተብሎ ከተጻፈለት፣ ነገ ክርክር ቢነሣ የትኛው ይያዛል?

ዘነበች (አርታኢ)፦ ለጠየቀም ላልጠየቀም አንዱ ይላክ፤ የጠራው። ያኔ ጥያቄው ራሱ አያስፈልግም።

ቀለሙ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ሁሉም የሚረዳውን ብቻ ከጻፍን «ማሽን» ለዘላለም ማሽን ሆኖ ይቀራል። «ገንዘብ መክፈያ» ቢባል የማይገባው ማን ነው? መሥሪያ ቤት ካልጀመረ ማን ይጀምራል? ለጠየቀው ሰው እንኳ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል።

ደስታ (ተርጓሚ)፦ «ገንዘብ መክፈያ» ከተባለ የከፋዩ መስኮት ነው የሚመስለኝ። ሰውየው ወደ ሠራተኛው ይሄዳል እንጂ ወደ ማሽኑ አይሄድም።

ጠያቂዋ፦ የዘነበችን ደብዳቤ ለአለቃዬ አቀርባለሁ፤ የካርዱና የሂሳቡ ደብዳቤም እንዲለያይ እጠይቃለሁ። አሁን የቸገረኝ «ኦንላይን» ነው። «በበይነ መረብ» ስል የሚያውቁ አሉ፣ የማያውቁ አሉ። «በስልክዎ» ስል ደግሞ በመደወል ነው ብለው ይረዱታል።

ደስታ (ተርጓሚ)፦ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ጻፊው፦ «ስልክዎ ላይ የባንኩን መተግበሪያ ከፍተው»። በኮምፒዩተርም የሚሠራ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም፤ ለዚያ እኔም የረጋሁበት ቃል የለኝም።