በ0.01 ገደብ የወጣውን ክላስተር ልመነው?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሐረር ሲሆን፣ ጫት አዘውትረው የሚቅሙ 22 ሰዎችን ከማይቅሙ 22 ሰዎች ጋር እያነጻጸርኩ የመመረቂያ ጽሑፌን በማዘጋጀት ላይ ነኝ። የመላውን አንጎል ምስል ቮክሰል በቮክሰል ስፈትሽ፣ የክላስተር መመሥረቻውን ገደብ p < 0.01 ሳደርገው በአንጎል የፊት ክፍል 412 ቮክሰል ያለው ክላስተር ወጣ፤ ለብዙ ንጽጽር ከታረመ በኋላም p = 0.03 ነበር። ገደቡን ወደ 0.001 ሳጠብቀው ግን ከዚያ ሁሉ የቀሩት 19 ቮክሰሎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም እርማቱን አላለፉም።

ኤክሉንድና ባልደረቦቹ በ2016 እንዳሳዩት፣ መመሥረቻው ገደብ ሲላላ ቀመሩ አጎራባች ቮክሰሎች ስለሚመሳሰሉበት መጠን የሚወስደው ግምት ከእውነተኛው ምስል ጋር አይገጥምም፤ በዚህም 5 በመቶ የተባለው የሐሰት ግኝት ዕድል በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የቡድን መለያዎቹን 5,000 ጊዜ እያቀያየርኩ በዚያው በ0.01 ገደብ በ`randomise` (`-c 2.42`) ብሞክረው p = 0.09 ሰጠኝ።

አማካሪዬ «የመጀመሪያውን ዘግብ» ይሉኛል፤ ለእኔ ግን ውጤቱን አይቶ ገደብ እንደ መምረጥ ነው። አሁን ደግሞ `-T`ን ብሞክር፣ ሌላ ሙከራ መጨመሩ ራሱ እርማት ይጠይቃል? ወይስ ከእርማት ያለፈ ክላስተር አልተገኘም ብዬ፣ ያልታረመውን ካርታ በግልጽ ሰይሜ ላያይዘው?