በግምት የመጣ የኪራይ ግብር፦ ይከፈል፣ ቅሬታ ይቅረብበት ወይስ ይተው?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሳሪስ ያለው ቤቴ በወር 20 ሺህ ብር ተከራይቷል፤ ገንዘቡም በባንክ ነው የሚገባው። ግብር ቢሮው ግን ወሩን 35 ሺህ ብሎ ገምቶ የ2016ን 55,500 ብር ክፈል የሚል ውሳኔ ለወንድሜ ሰጠው። እዚህ አሜሪካም ግብር እከፍላለሁ። አሁኑኑ ቅሬታ ላቅርብ ወይስ ለእረፍት ስመጣ ልጨርሰው?

ደሳለኝ፦ እኔ ብሆን አልከፍልም። እዚያ ቀርጠውህ እዚህ ደግሞ ይድገሙህ?

እታለማ (ፍራንክፈርት)፦ የጣሪያና ግድግዳው ነው? እኛንም እኮ አስጨንቆናል፤ እናቴ ብቻዋን ናት የምትኖርበት።

ሒሳብ ሠሪው፦ እታለማ፣ ያ ሌላ ነው፤ ቤቱ ባይከራይም ይመጣል። ይሄ የኪራይ ገቢ ግብር ነው፤ ባለቤቱ የትም ይኑር ቤቱ ያለበት አገር ይከፈላል። ደሳለኝ፣ አሜሪካ ገቢው ቢታወቅም እዚህ የተከፈለው በፎርም 1116 ከዚያው ግብር ላይ ይታሰብለታል፤ ደረሰኙ እንዳይጠፋ ብቻ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መዝገብ ለማይይዝ አከራይ ከዓመቱ ኪራይ ግማሹ ይነሣለታል። የ20 ሺህ ኪራይ በዓመት 240 ሺህ ነው፤ ግብር የሚታሰበው በ120 ሺህ ላይ ነው። በ2016 በነበረው መጣኔ ይህ 24,540 ብር ይመጣል። በ35 ሺህ ሲሰላ ነው 55,500 የሆነው። ስለዚህ የምትከራከረው በ30,960 ብር ላይ ብቻ ነው።

ደሳለኝ፦ እንግዲያው ቅሬታ ያስገባና ሁሉንም ይያዘው።

ሒሳብ ሠሪው፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ያልተካደው 24,540 ካልተከፈለ ቅሬታው እንደቀረበ አይቆጠርም። ደብዳቤውም «በዛብኝ» ብቻ ብሎ አይሆንም፤ የቱ ቁጥር ተሳስቷል፣ በምን ይታረም፣ ማስረጃው ምንድን ነው የሚለውን ይጻፍበት። ውሉና የባንኩ ዝርዝር አብረው ይግቡ። ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ የሚቆጠረውም ውሳኔው ለወንድምህ ከደረሰ ጊዜ ነው። ለእረፍት እስክትመጣ አይጠብቅህም።

ጠያቂ፦ ወንድሜ ያለው ውክልና ለማከራየት ብቻ ነው።

ሒሳብ ሠሪው፦ እሱ ያሳስበኛል። በግብር ጉዳይ ቀርቦ ቅሬታና ይግባኝ እንዲያቀርብ የሚል ውክልና ኤምባሲ አረጋግጥና ላክ። አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ማለፉ አይቀርም፤ ካልደረሰልህ 21ዱ ቀን ሳያልቅ ተጨማሪ ጊዜ ጠይቅ። እስከ 10 ቀን ድረስ ነው የሚሰጠው።

የሰፈሩ ደላላ፦ ሁላችሁም ቢሮውን ብቻ ትወቅሳላችሁ። በ10 ሺህ ተዋውሎ 25 በእጁ የሚቀበል አከራይ ስንት አይቻለሁ! ባይገምቱ ምን ያድርጉ? በቤት ኪራይ አዋጅ 1320 መሠረት ውሉ ወረዳ ተመዝግቧል?

ጠያቂ፦ አልተመዘገበም።

የሰፈሩ ደላላ፦ በሉ እንግዲህ።

ሒሳብ ሠሪው፦ አለመመዝገቡ ውሉን ያሳንሰዋል፤ ቢሆንም በየወሩ 20 ሺህ የገባበት የባንክ ዝርዝር ቀላል ማስረጃ አይደለም።

ደሳለኝ፦ በእውነት ላከራየ ሰው የሌባ ግምት መለጠፍ ግን አሁንም አይዋጥልኝም።

የሰፈሩ ደላላ፦ ታዲያ ከሌባው የሚለየውን ወረቀት ማን ያምጣ?