ማሽንና ሰው አብረው የነካኩት ድርሰት የማን ነው?

ሰላም፦ አራት ኪሎ አካባቢ በሚካሄድ የተማሪዎች የእንግሊዝኛ ድርሰት ውድድር ዳኛ ነኝ። ደንቡ «በማሽን የተጻፈ አንቀበልም» ይላል። አንዷ ተማሪ ራሷ ጽፋ ቻትጂፒቲ አስተካከለላት። አንዱ ደግሞ ቻትጂፒቲ ያረቀቀለትን ራሱ አረመው። ሁለቱም ሳይደብቁ ተናግረዋል። የቱ ይውደቅ?

አቤል፦ ይሄ ምን ያከራክራል? ሁለቱንም የማሽን ጽሑፍ መለያ ሶፍትዌር ውስጥ አስገቢያቸው። «የማሽን ነው» የሚለው ፐርሰንት ከፍ ያለበት ይውደቅ።

ሄለን፦ አቤል፣ በዚህ ፐርሰንት ልጅ አይጣልም። የቻትጂፒቲ ሠሪው ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውን መለያ «ብዙ ይሳሳታል» ብሎ በዚያው ዓመት አንስቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎች ለቶፍል የእንግሊዝኛ ፈተና የጻፏቸውን ድርሰቶች በ7 መለያዎች ፈተኑ። በአማካይ ከግማሽ በላዩ «የማሽን ነው» ተባለ። መለያው የሚያየው ቀጣዩ ቃል ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገመት ነው። በጥቂትና በተለመዱ ቃላት የሚጽፍ ሰው ያለጥፋቱ ይከሰሳል። የሚገርመው፣ እነዚያኑ ድርሰቶች ቻትጂፒቲ ቃላታቸውን ሲያበለጽግላቸው ክሱ ቀነሰ። ማሽን የነካው ነጻ ወጣ፣ ያልነካው ተያዘ ማለት ነው።

ጋሽ ደረጀ፦ እኔ በልጄ ስልክ ማመልከቻ አስተካክዬ አስገብቻለሁ። ታዲያ አጭበርባሪ ልባል ነው?

ሄለን፦ ኧረ በፍጹም ጋሼ! ማመልከቻዎ ላይ የሚመዘነው ጉዳይዎ እንጂ እንግሊዝኛዎ አይደለም። ሰላም፣ የመጀመሪያ ረቂቆቻቸው አሉ?

ሰላም፦ አሉ። የልጅቷ በሰዋስው ስህተት የተሞላ ነው። ግን አያቷ ዶሮ ማነቂያ ጠላ ይሸጡ እንደነበር፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ጋኑን ማን እንደወሰደው ሳይቀር ጽፋለች። በተስተካከለው ላይ «የአካባቢው ነዋሪዎች በአነስተኛ ንግድ ይተዳደሩ ነበር» ሆኗል። የልጁ ረቂቅ «ከተማችን እየተለወጠች ነው» የሚል ነበር። «ከተማችን»ን በ«ፒያሳ» ተካው፣ ጥቂት ቃላትም ቀየረ። ከአዲሱ ቤታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ታክሲ እንደሚቀያይር የሚያወራው አንቀጽ ግን የራሱ ነው።

ሄለን፦ ረቂቁንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ለእያንዳንዱ አንቀጽ ነገሩን ማን አመጣው፣ ቅደም ተከተሉን ማን ወሰነ ብለሽ ጠይቂ። የልጅቷ ነገሩም ቅደም ተከተሉም የራሷ ነው፤ ማሽኑ ቋንቋውን አቃና፣ ጠላውንና ጋኑን ግን አጠፋባት። የልጁ አጥንቱ የማሽን ነው። አንቀጾቹ በአንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ጀምረው በምክር ከተዘጉ፣ ቃል መቀያየሩ ያንን አይነካውም። የታክሲው አንቀጽ ብቻ ከዚያ ወጥቷል።

ሚኪ፦ አልስማማም። ውድድሩ የእንግሊዝኛ ነው አይደል? ልጅቷ ያስጻፈችው እኮ የሚመዘነውን ራሱን ነው! ልጁ ቢያንስ የታክሲውን አንቀጽ በራሱ እንግሊዝኛ ጽፏል።

ሄለን፦ ይሄ ልክ ነው፤ ለቋንቋው ነጥብ ካለ እሷም ታጣዋለች። ስለዚህ ለቋንቋ የመጀመሪያ ረቂቋን ነው ማረም። ሰላም፣ የነጥብ አሰጣጡ ለቋንቋ ስንት ይላል?

ሰላም፦ ለቋንቋ 40፣ ለይዘት 60። ግን ረቂቅ ማረም ደንቡ ላይ የለም። ሌሎቹ ተማሪዎች ረቂቅ አላስገቡም፤ ነገ ወላጅ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?

ሚኪ፦ እሱ ነው ጥያቄው።