300 ኪሎ ዘንግ ላይ ወደቀ፦ ስሌቱ 15 ይላል፣ ዳዶው ግን ነክሷል

ጠያቂ (የአጂፕ ጋራዥ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ አጂፕ አካባቢ የቡና መፈልፈያ ሞተሮች እንጠግናለን። ሞተሩ ከነፍሬሙ 300 ኪሎ ይሆናል። በካቴና ስናነሳው ለጥንቃቄ ከጣሪያው አግድም ብረት የተንጠለጠለ የ16 ሚሊ ዘንግ በፍሬሙ መሃል ያልፋል፤ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው፣ ታች ጫፉ ላይ ወፍራም ላሜራና ዳዶ አለው። ሰሞኑን ካቴናው አንሸራተተና ፍሬሙ 3 ሴንቲ ያህል ወድቆ ላሜራው ላይ አረፈ። ዘንጉ አልተበጠሰም። ግን ዳዶውን ወደ ላይ ላጠብቅ ስል ግማሽ ዙር ሄዶ ነከሰ። ክብደቱን ለዘንጉ ስፋት ሳካፍለው 15 ሜጋፓስካል ብቻ ነው የሚመጣው፤ ተራ ብረት እስከ 250 ይችላል ይባላል። ምን ሆኖ ነው? ዘንጉንስ ልቀጥልበት?

ቶርኖ ቤት፦
ወንድሜ፣ 16 ለ300 ኪሎ ቀጭን ነው። ዘንጉን 24 አድርገው። የላይኛው ብረት ቀዳዳ ለ16 ከሆነ አትብሳው፤ ጫፍና ጫፉን ብቻ ወደ 16 አውርጄ ጥርስ አወጣልሃለሁ። እኛ ጋ ብዙ ሰው እንዲህ ያሠራል።

ተማሪ፦
በድንገት የመጣ ጭነት በ2 ይባዛል ተብለን ነው የተማርነው። 15 በ2 ሲባዛ 30 ነው፣ ከ250 በጣም ይርቃል። ስለዚህ ችግሩ ዘንጉ ላይ አይመስለኝም፤ ዳዶው ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ ይሆናል።

ከኪቶ ፉርዲሳ፦
ተማሪው ያልከው 2 ትክክል የሚሆነው ዕቃው ላሜራውን ነክቶ እያለ በድንገት ሲለቀቅ ነው፤ ማለትም የወደቀበት ከፍታ ዜሮ ሲሆን። እዚህ ግን 3 ሴንቲ አለ፣ ያ ሁሉን ይለውጣል።

የአጂፑ ወንድሜ፣ ዘንግህ ሞተሩን ቀስ ብለህ ብታሳርፍበት የሚሳበው 0.15 ሚሊ ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ ደግሞ 30 ሚሊ ወድቆ ነው የደረሰበት፤ ከዚያ መሳብ 200 እጥፍ ማለት ነው። ሲወድቅ የያዘውን ጉልበት ሁሉ ዘንጉ ተስቦ መዋጥ አለበት። ዘንጉ ደግሞ ደረቅ ስለሆነ ብዙ አይሳብም፤ በትንሽ መሳብ ያን ሁሉ ለመዋጥ የሚይዘው ኃይል እጅግ ከፍ ይላል። ማባዣው የሚወጣው እንዲህ ነው፦

```
δ = W·(L1/A1 + L2/A2)/E
n = 1 + √(1 + 2h/δ)
```

δ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲያርፍ ዘንጉ የሚሳበው ነው፣ n ማባዣው። ክብደቱ W 2943 ኒውተን፣ የብረቱ ግትርነት E 200,000 ሜጋፓስካል፣ የወደቀበት ከፍታ h 30 ሚሊ ነው። የዘንጉ አካል 1900 ሚሊ ርዝመትና 201 ካሬ ሚሊ ስፋት አለው። ታች ያለውን ጥርስ 100 ሚሊ ልበለው። ጥርስ የወጣበት ቦታ ላይ የሚሸከመው ስፋት ወደ 157 ይወርዳል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። δ 0.148 ሚሊ ይመጣል፣ ማባዣው 21 ይሆናል። 300 ኪሎው ለቅጽበት ከ6 ቶን በላይ ሆኖ ነው የሳበው። በአካሉ ላይ 309 ሜጋፓስካል፣ በጥርሱ ላይ 396።

ብረቱ 250 ላይ መለጠጥ ስለሚጀምር 396 በእውነት አልደረሰም፤ ከዚያ በፊት ጥርሱ ተለጥጦ ጉልበቱን ውጧል። ዳዶውም የነከሰው ለዚህ ነው፦ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት ተዘርግቷል፣ የዳዶው ጥርስ ግን እንደነበረ ነው። ቆሻሻ መሆኑን ለማወቅ በሽቦ ብሩሽ ጥረገውና ንጹህ አዲስ ዳዶ ከታች ጫፍ አስገባ። ጫፉ ላይ በጣት እየዞረ የድሮው ዳዶ የነበረበት ላይ ሲደርስ ከነከሰ ተለጥጧል። ያ ዘንግ እንደገና ለሰው ደኅንነት አይሰቀል።

ቶርኖ ቤት፣ አይቆጡኝና የእርስዎ መፍትሔ በዚህ ጉዳይ ነገሩን ያባብሰዋል። አካሉ 24 ሆኖ ጥርሱ 16 ከቀረ፣ δ ወደ 0.071 ይወርዳል፣ ማባዣው ወደ 30 ይወጣል። የጥርሱ ውጥረት ከ396 ወደ 563 ያድጋል። ወፍራሙ አካል አይሳብም፣ ስለዚህ ጉልበቱን ሁሉ ለቀጭኑ ጥርስ ይተውለታል።

ቶርኖ ቤት፦
ቁጥሩን ባልከታተለው ነገሩ ገብቶኛል። ታዲያ ጥርሱም 24 ቢሆንስ?

ከኪቶ ፉርዲሳ፦
እሱ ይሻላል፣ ሁሉም እኩል ከወፈረ ውጥረቱ ይቀንሳል። ግን ስፋቱ 2 እጥፍ ሲሆን ውጥረቱ በግማሽ አይወርድም፤ በዚህ ከፍታ የሚቀረው 70 በመቶ ያህሉ ነው። ዘንጉን 2 እጥፍ ማስረዘምም ያንኑ ያህል ይቀንሰዋል፤ ሰው የማያምነው ይህንን ነው፣ ግጭትን ለመቻል ረጅም ዘንግ ከአጭሩ ይሻላል።

ርካሹ መንገድ ግን ከፍታውን መቀነስ ነው። ሞተሩ በወጣ ቁጥር ዳዶውን እያስከተላችሁ ክፍተቱን 2 ሚሊ ላይ ብታቆዩት ያው የ16 ዘንግ ማባዣው ወደ 6.3፣ የጥርሱ ውጥረት ወደ 118 ይወርዳል።

መንገድ ሥራ፦
በጣም ጥሩ ውይይት ነው። እኛ አፈር በምንፈትሽበት መሣሪያ ላይ 8 ኪሎ መዶሻ ከ57.5 ሴንቲ እየወደቀ የ16 ሚሊ ዘንግ ይመታል። በእናንተ ቀመር ለ1 ሜትር ሳሰላው ማባዣው ከ700 በላይ፣ ውጥረቱ 300 አካባቢ መጣልኝ። ታዲያ በየቀኑ ስንመታው ለምን አይለጠጥም?

ከኪቶ ፉርዲሳ፦
ቀመሩ የዘንጉ ሌላኛው ጫፍ ንቅንቅ እንዳይል የተያዘ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። የእናንተ ዘንግ ጫፍ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ጉልበቱ የሚያልቀው እዚያ ነው። ድንጋይ ላይ ሲያርፍና መግባት ሲያቆም ነው የሚያሰጋው፤ ያኔ መምታት አቁሙ። በተጨማሪ 8 ኪሎ ከዘንጉ ክብደት ብዙም ስለማይርቅ ቀመሩ እዚያ አያስተማምንም። የአጂፑ ዘንግ 3 ኪሎ ገደማ ነው፣ 300 ኪሎ ሲመታው ስሌቱ ይይዛል።

የአጂፕ ጋራዥ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳዶውን ማስከተል ሠራተኛ ሊረሳው ይችላል። በላሜራውና በዳዶው መካከል ሞላ ባስገባስ?

ከኪቶ ፉርዲሳ፦
ግሩም ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲያርፍበት 5 ሚሊ የሚወርድ ሞላ ከሆነ ማባዣው በዚያው 3 ሴንቲ ላይ ወደ 4.6 ይወርዳል፣ ጥርሱ ላይ 85 ብቻ ይመጣል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ሲመታ 23 ሚሊ ያህል ይጨመቃል። ያን ያህል መንገድ ከሌለው ጥቅልሎቹ ይነካካሉ፣ ከዚያ በኋላ ሞላ መሆኑ ይቀርና እንደ ድፍን ብረት ይመታል።

ተማሪ፦
ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቢደራረብስ? መርካቶ በቀላሉ ይገኛል።

ከኪቶ ፉርዲሳ፦
ጎማ በተጨመቀ ቁጥር እየደረቀ ስለሚሄድ በዚህ ቀመር ላረጋግጥልህ አልችልም። ሞተሩን አሳርፋችሁበት ስንት ሚሊ እንደወረደ ለኩ፤ ከዚያ 2 እጥፍ ክብደት ጭናችሁ ድገሙት። የሁለተኛው መውረድ ከመጀመሪያው እጥፍ በጣም ካነሰ፣ እኔ ብሆን ሞላውን እመርጣለሁ።

ቶርኖ ቤት፦
የከባድ መኪና ሞላ እኔ ጋ አለ። 300 ኪሎ 5 ሚሊ ያወርደው እንደሆነ ግን አልለካሁትም። የአጂፑ፣ ሞተሩ እዚያው ስላለ ሞላውን ይዤ ልምጣና አብረን እንለካው።

የአጂፕ ጋራዥ፦
ይምጡ ጋሼ። እስከዚያ ዘንጉን አውርጄዋለሁ፤ ሞተሩም መሬት ላይ ነው።